ኮፒ ስልክን በፎቶ መለየት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በዘጌ፣ በጎርጎራ ወይም በደቅ ደሴት ሆኖ ባሕር ዳር ለሽያጭ የቀረበ ስልክ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከስልኩ በፊት የሚያየው ፎቶውን ነው። ሻጩ የሴቲንጉን ገጽ፣ የካርቶኑን ባርኮድና የስልኩን ጀርባ አንስቶ በቴሌግራም ይልክለታል፤ ገዢውም ጀልባ ከመሳፈሩ ወይም ቀብድ ከማስገባቱ በፊት በእነዚህ ሦስት ፎቶዎች ተመርቶ መወሰን አለበት። እኔ ባሕር ዳር ስልክ የምጠግን ሰው በመሆኔ እንዲህ ያሉ ፎቶዎች «እስቲ እይልኝ» እየተባሉ በየጊዜው ይደርሱኛል። ለማሳያ የምወስደው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 23 አልትራን ነው፤ ኮፒው ደጋግሞ ስለሚያጋጥመኝና የኦርጂናሉ ዝርዝር በግልጽ የሚታወቅ ስለሆነ።

አስቀድሞ ሊያዝ የሚገባው ነገር፣ ፎቶ ኮፒን ሊያጋልጥ ቢችልም ኦርጂናልነትን ሊያረጋግጥ አለመቻሉ ነው። አንድ የማይታረቅ ተቃርኖ ከተገኘ ጉዳዩ በዚያው ያበቃል። ምንም ተቃርኖ ካልተገኘ ግን ስልኩ በአካል ለመታየት በቃ ማለት ብቻ ነው፤ የአንድ ኦርጂናል ስልክ ፎቶ ለሌላ ስልክ መሸጫ ሊውል ይችላልና።

ምልክት፦ ደቃቁ ጽሑፍ አይነበብም፣ ባርኮዱም ደብዝዟል

ምክንያቱ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከን ምስል መጠኑን ቀንሶና ጨምቆ ስለሚያስተላልፍ የባርኮዱ ቀጫጭን መስመሮች እርስ በርስ ይዋሐዳሉ፤ በስልኩ ጀርባ ያለው ደቃቅ ጽሑፍም ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ይዞ «ኮፒ ነው» ማለትም «ኦርጂናል ነው» ማለትም ስሕተት ነው።

መፍትሄው ሻጩ ፎቶውን በድጋሚ፣ በዚህ ጊዜ `File` የሚለውን መርጦ እንዲልከው መጠየቅ ነው። በዚህ መንገድ የተላከ ምስል ሳይጨመቅ ስለሚደርስ ሌላም ጥቅም ያስገኛል። የስክሪንሹቱ ልክ በፒክስል ሊታይ ይችላል። የኤስ 23 አልትራ ስክሪን በሦስት ልኮች ብቻ ይሠራል፤ እነሱም 720 በ1544፣ 1080 በ2316 እና 1440 በ3088 ናቸው። ከስልኩ የተነሣ ያልተቆረጠ ስክሪንሹት ከእነዚህ ከአንዱ ጋር መግጠም አለበት። ለምሳሌ 720 በ1600 ሆኖ ከተገኘ፣ ገጹ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ ምስሉ የተወሰደው ከኤስ 23 አልትራ አይደለም። ይህን ለማየት ምስሉን በጋለሪ ከፍቶ ዝርዝር መረጃውን መመልከት ይበቃል።

ምልክት፦ የሴቲንጉ ገጽ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ካሜራውን ሁሉ ይዘረዝራል

ሻጮች በብዛት የሚልኩት `About phone` የሚለውን ገጽ ነው። በኮፒ ስልክ ላይ ይህ ገጽ ብዙ ጊዜ እንደ ማስታወቂያ ይሞላል። ራም 16 ጂቢ፣ ማከማቻ 1 ቴራ ባይት፣ ፕሮሰሰር ስናፕድራጎን፣ ካሜራ 200 ሜጋፒክስል እያለ ይቀጥላል። ኤስ 23 አልትራ ግን የተመረተው በ8 ወይም በ12 ጂቢ ራም ብቻ ስለሆነ 16 የሚለው ቁጥር ራሱ ይመሰክራል። በተጨማሪም በዚህ ሞዴል ኦርጂናል ስልክ ላይ ይህ ገጽ በዋናነት የሚያሳየው የሞዴሉን ስምና ቁጥር፣ የመለያ ቁጥሩንና አይኤምኢአዩን ነው፤ ፕሮሰሰሩንና የካሜራውን ሜጋፒክስል አይዘረዝርም። ይህን መለኪያ ወደ ሌላ ብራንድ መውሰድ ግን አይገባም፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፕሮሰሰርና ራም የሚጽፉ ኦርጂናል ስልኮች አሉ።

ምክንያቱን መረዳት የት መመልከት እንዳለብን ይነግረናል። የሞዴሉ ስም፣ የአንድሮይዱ ቁጥርና የራሙ መጠን በኮፒው ሴቲንግ ላይ የሚታዩት በሶፍትዌሩ ውስጥ ከተጻፈ ጽሑፍ ተነብበው ነው፤ ኮፒውን የሠራው ሰውም ያንን ጽሑፍ እንደፈለገ ይለውጠዋል። የስልኩ ሞደም፣ ማለትም ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ ስለ ራሱ የሚናገረውና የሲስተሙ እምብርት የሆነው የከርነል ቁጥር ግን ከጥልቅ ክፍል የሚመጡ ስለሆኑ ለመለወጥ የበለጠ ሥራ ይጠይቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ሳይነኩ ይቀራሉ። ስለዚህ ሻጩ መጀመሪያ ከላከው ገጽ አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ገብቶ `Software information` የሚለውን ከፍቶ እንዲያነሣ ይጠይቁ። እዚያ ውስጥ ዐይን ሊያርፍባቸው የሚገቡ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ የሞደሙ፣ ሌላው የከርነሉ ነው። የሞዴል ቁጥሩ `SM-S918B` በሆነ ኦርጂናል ኤስ 23 አልትራ ላይ የሚከተለውን ይመስላሉ።

```
Baseband version   S918BXX...
Kernel version     5.15...
```

በርካሽ ኮፒ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው።

```
Baseband version   MOLY.WR8...
Kernel version     3.18...
```

`MOLY` የሚለው ቃል የሚዲያቴክ ኩባንያ የሞደም ሶፍትዌር መጠሪያ ነው። ኤስ 23 አልትራ በየትኛውም አገር ገበያ ቢሸጥ የኳልኮም ስናፕድራጎን 8 ሁለተኛ ትውልድ ቺፕ የተገጠመለት ስለሆነ ይህ ቃል በላዩ ሊታይ አይችልም። ሳምሰንግ በሚዲያቴክ ቺፕ በሚሠራቸው ርካሽ ስልኮች ላይ እንኳ በዚህ መስመር የሚወጣው በራሱ በሞዴሉ ቁጥር የሚጀምር ጽሑፍ ነው። ኦርጂናል ቴክኖ ወይም ኢንፊኒክስ ላይ ግን `MOLY` ማየት የተለመደ ስለሆነ እነዚያን በዚህ ምክንያት መጠርጠር አይገባም።

ከርነሉም እንዲሁ ነው። 3.18 የሚባለው ከርነል የወጣው በ2014 መጨረሻ ሲሆን፣ በ2023 ለገበያ የቀረበ፣ ከፋብሪካ አንድሮይድ 13 ይዞ የወጣ ስልክ በእሱ ላይ ሊሠራ አይችልም። ገጹ አንድሮይድ 13 እያለ ከርነሉ 3.18 ከሆነ፣ በአብዛኛው ከሥር ያለው አንድሮይድ 8.1 ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ ቺፑም ብዙ ጊዜ ከ3ጂ የማያልፈው ኤምቲ 6580 ሆኖ ይገኛል።

ሻጩ «ይህ ገጽ የለውም» ወይም «አይከፍትም» ካለ ሌላ አማራጭ አለ። በመደወያው ላይ የሚከተለውን ጽፎ የሚወጣውን እንዲያነሣ ይጠይቁት።

```
*#1234#
```

በሳምሰንግ ስልክ ላይ ይህ `AP`፣ `CP` እና `CSC` የሚሉ መስመሮችን ያወጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱም በሞዴሉ ቁጥር ይጀምራሉ። ኮፒው ብዙውን ጊዜ ምንም አያወጣም። እርግጥ ነው፣ በደንብ የተሠሩ፣ እነዚህን መስመሮች ጭምር አስመስለው የሚያሳዩ ኮፒዎች አሉ። ለዚህ ነው የሴቲንጉ ፎቶ ብቻውን የማይበቃው።

ምልክት፦ የካርቶኑ ቁጥር ከስልኩ ቁጥር ጋር አይገጥምም

በካርቶኑ ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ባርኮድ አለ፤ ብዙ ሰው ግን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። አንዱ የዕቃው ዓይነት መለያ ነው። ይህ 13 አኃዝ ያለው ሲሆን አንድ ዓይነት ሞዴል፣ ቀለምና ማከማቻ ባላቸው የአንድ ገበያ ካርቶኖች ሁሉ ላይ አንድ ነው። ሌሎቹ የዚያ አንድ ስልክ ብቻ የሆኑት የአይኤምኢአይና የመለያ ቁጥር ባርኮዶች ናቸው።

ስለ መጀመሪያው የተስፋፋ የተሳሳተ እምነት አለ። በ880 ከጀመረ የኮሪያ ስለሆነ ኦርጂናል ነው፣ ከ690 እስከ 699 ባሉት ከጀመረ የቻይና ስለሆነ ኮፒ ነው ይባላል። እነዚህ አኃዞች የሚያመለክቱት ቁጥሩን የወሰደው ድርጅት የተመዘገበበትን አገር እንጂ ስልኩ የተሠራበትን አገር አይደለም። በቬትናም የተሠራ ሳምሰንግ በ880 የሚጀምር ካርቶን ሊኖረው ይችላል፤ የቻይናው ሻኦሚ ኦርጂናል ስልክ ደግሞ በ69 ቢጀምር የሚያስገርም ነገር የለውም። ዲያስፖራ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ስልክ ባለ12 አኃዝ ባርኮድና በ`U` የሚጨርስ የሞዴል ቁጥር፣ ማለትም `SM-S918U`፣ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም በዚህ ብቻ ኮፒ ማለት ስሕተት ነው። ካርቶን የሚያትመው ሰው 880 ብሎ ለመጀመር የሚከለክለው ስለሌለ በዚህ ቁጥር ላይ ጊዜ ባይፈጅ ይሻላል።

ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው አይኤምኢአይ ነው። 15 አኃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ 8 የስልኩን ሞዴል ይለያሉ፤ ቀጣዮቹ 6 የዚያ ስልክ ተራ ቁጥር ናቸው፤ የመጨረሻው 1 ከሌሎቹ በስሌት የሚገኝ መቆጣጠሪያ ነው። ስሌቱ በወረቀት ላይ ይሠራል፤ በመማሪያ ምሳሌነት በሚታወቀው በዚህ ቁጥር እንየው።

```
49015420323751-8
```

ከግራ ሲቆጠር በ2ኛ፣ በ4ኛ፣ በ6ኛ እያለ እስከ 14ኛ ድረስ ያሉትን አኃዞች እጥፍ እናደርጋለን። እነሱ 9፣ 1፣ 4፣ 0፣ 2፣ 7 እና 1 ስለሆኑ 18፣ 2፣ 8፣ 0፣ 4፣ 14 እና 2 ይሆናሉ። ባለሁለት አኃዝ የሆኑትን አኃዞቻቸውን እንደምራለን፤ 18 ወደ 9፣ 14 ወደ 5 ይለወጣል። የእነዚህ ድምር 30 ነው። ያልታጠፉት 4፣ 0፣ 5፣ 2፣ 3፣ 3 እና 5 ድምራቸው 22 ነው። በጠቅላላው 52 ሆነ፤ ወደሚቀጥለው ሙሉ ዐሥር፣ ወደ 60 ለመድረስ የሚጎድለው 8 ስለሆነ የመጨረሻው አኃዝ 8 መሆን አለበት፤ ሆኗልም። በሻጩ ፎቶ ላይ ያለው ቁጥር በዚህ ስሌት ካልወጣ በዘፈቀደ የተጻፈ ወይም በተሳሳተ መንገድ የተነበበ ነው። መጀመሪያ በትክክል ማንበብዎን ያረጋግጡ፤ 3 እና 8 በደበዘዘ ፎቶ ላይ ይምታታሉ።

ስሌቱን ማለፍ ግን ብዙ አያስመካም፤ ኮፒ ሠሪዎች የእውነተኛ ስልክ ቁጥር ገልብጠው ያትማሉና። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጨምሩ። የመጀመሪያው ቁጥሩን በኢንተርኔት ባሉ የአይኤምኢአይ መፈተሻ ገጾች ላይ አስገብቶ የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞች የየትኛው ሞዴል እንደሆኑ ማየት ነው። ኤስ 23 አልትራ የተባለው ስልክ ቁጥሩ የሌላ ኩባንያ ርካሽ ሞዴል ሆኖ ከተገኘ ጥያቄው ተመለሰ። ሁለተኛው፣ ከፎቶ ላይ ባርኮድ የሚያነብ አፕ ተጠቅሞ የመስመሮቹን ይዘት ማንበብና ከሥራቸው ከታተመው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። በኦርጂናል ካርቶን ላይ መስመሮቹና ቁጥሩ አንድ ናቸው። በኮፒ ካርቶን ላይ ግን ብዙ ጊዜ መስመሮቹ ለዐይን ብቻ ከሌላ ካርቶን ተገልብጠው፣ የሚነበበው ቁጥር ብቻ ተለውጦ ይታያል፤ ዐይን ያላየውን ልዩነት አፑ ወዲያው ያወጣዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ሻጩ በመደወያው `*#06#` ጽፎ፣ የሚወጣውን የስልኩን አይኤምኢአይ ከካርቶኑ ወረቀት አጠገብ አድርጎ በአንድ ፎቶ እንዲያነሣ መጠየቅ ነው። አጠገቡ የዕለቱ ቀን በእጅ የተጻፈበት ቁራሽ ወረቀት ይኑር። ይህ ከሌላ ቦታ የተወሰዱ ፎቶዎችን ያስቀራል። የመጣው ፎቶ ላይ የስልኩና የካርቶኑ ቁጥሮች ካልገጠሙ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው ኮፒነት ነው። ሁለተኛው ኦርጂናል ስልክ ከሌላ ካርቶን ጋር መቅረቡ ነው፤ በሁለተኛ እጅ ገበያ ይህም ያጋጥማል። የሴቲንጉ መስመሮች ንጹሕ ሆነው ካርቶኑ ብቻ ካልገጠመ ስልኩን በአካል ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን የግዢ ሰነድ የሌለውና ካርቶኑ የሌላ የሆነ ስልክ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል በዚህ በኩልም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ጀርባው ላይ «S23 Ultra»፣ «5G» ወይም «108MP» ተጽፏል

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኮፒው ራሱን ማስተዋወቅ ይፈልጋል። ኦርጂናሉ ጀርባ ላይ ጎልቶ የሚታየው `SAMSUNG` የሚለው ስም ብቻ ሲሆን፣ በብዙ ገበያዎች ከታች በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል የሞዴሉ ቁጥርና የቁጥጥር ምልክቶች ይታተማሉ። የካሜራ ሜጋፒክስል አይጻፍበትም፤ የዚህ ሞዴል ዋና ካሜራ 200 ስለሆነ 108 የሚለው ከቀድሞ ሞዴል ኮፒ የተወረሰ ነው። ደቃቁ ጽሑፍ ላይ የሞዴል ቁጥር ካለ ከሴቲንጉና ከካርቶኑ ጋር ያስተያዩት፤ አንዱ `SM-S918B` ሌላው `SM-S908E` የሚል ከሆነ ሁለተኛው የኤስ 22 አልትራ ቁጥር ነው።

ደቃቁ ጽሑፍ ጨርሶ ከሌለ ግን አይፍረዱ። የወደቀ ስልክ የጀርባ መስታወቱ ተሰብሮ ሲቀየር የሚገጠመው ትርፍ መስታወት ብዙ ጊዜ ጽሑፍ የለውም፤ እኔም ጽሑፍ የሌለው መስታወት ለደንበኞች ገጥሜያለሁ። ከሦስቱ ፎቶዎች ደካማው ምስክር ይህ ነው።

ከዘጌ የመጣ አንድ ጉዳይ

የዘጌ አንድ ቡና ነጋዴ ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ ሻጭ ሊገዛው ያሰበውን ኤስ 23 አልትራ ሦስት ፎቶዎች ልኮልኝ ነበር። ሻጩ ቀብድ በቴሌብር እንዲገባለት እየጠየቀ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ `SM-S918B`፣ አንድሮይድ 13፣ ራም 16 ጂቢ ይላል። የካርቶኑ ባርኮድ በ880 ይጀምራል። ጀርባው ላይ ከ`SAMSUNG` በቀር ምንም የለም፤ ንጹሕ ነው። ነጋዴው በተለይ 880 የሚለውን አይቶ ልቡ ረግቶ ነበር።

እኔን ያቆመኝ የራሙ ቁጥር ነው። ካርቶኑን በፋይል እንዲልክለት ሻጩን እንዲጠይቀው ነገርኩት፤ መጣ። የታተመው አይኤምኢአይ በስሌቱ አለፈ። የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞችም በእርግጥ የኤስ 23 አልትራ ነበሩ። ባርኮዱን በአፕ ሳነበው ግን ከሥሩ ከታተመው የተለየ ባለ15 አኃዝ ቁጥር ወጣ። ከዚያ የ`Software information` ፎቶ ተጠየቀ፤ ሻጩ ከብዙ ምልልስ በኋላ ላከው። ከርነሉ 3.18፣ ቤዝባንዱ በ`MOLY` የሚጀምር ነው።

ነጋዴው ይህን ለሻጩ ሲነግረው «ለዐረብ ገበያ የተሠራ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ተሰጠው። ይህ መልስ በዚህ ሞዴል ላይ አይሠራም። የገበያ ልዩነት የሞዴሉን ቁጥር የመጨረሻ ፊደል ይለውጣል፤ ለአንዳንድ የሳምሰንግ ትውልዶችም ቺፑን ይለውጣል። ኤስ 23 አልትራ ግን በሁሉም ገበያ በስናፕድራጎን ስለወጣ የሚዲያቴክ ሞደም የሚያስገባ ምንም ገበያ የለም። `*#06#` ከካርቶኑ ጋር በአንድ ፎቶ ሲጠየቅ ሻጩ መልስ መስጠት አቆመ፤ ቀብዱም አልተላከም።

ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ኮፒ መሆኑ ከታወቀ

በመጀመሪያ ከሻጩ ጋር የተደረገውን የቴሌግራም ምልልስ፣ ፎቶዎቹንና የክፍያውን ማረጋገጫ ሳያጠፉ ያስቀምጡ፤ ለመካሰስም ሆነ በሽምግልና ለመመለስ የሚያስፈልገው ይህ ነው። «ሞዴሉ `SM-S918B` ነው» ብሎ የጻፈበት መልእክት ከቃል ንግግር ይበልጣል።

ቀጥሎ ቴሌብርና የባንክ አፕ በዚያ ስልክ ላይ ከፍተው ከሆነ ይውጡና ፒኑን ከሌላ ስልክ ይቀይሩ። ጎግል ለአንድሮይድ 8.1 የደህንነት ማሻሻያ መስጠት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ በአንዳንድ ኮፒ ስልኮች ላይም ከፋብሪካ የተጫነ ጎጂ ሶፍትዌር ተገኝቷል። ፎቶዎችዎንም ቶሎ ወደ ኮምፒውተር ያውጡ፤ 1 ቴራ ባይት የሚለው ማከማቻ በእውነቱ ጥቂት ጂቢ ከሆነ እሱ ሲሞላ አዲስ የሚገቡት ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ።

«የኦርጂናሉን ሶፍትዌር ጭነን እናስተካክለዋለን» ለሚል ጠጋኝ ገንዘብ አይክፈሉ። የኤስ 23 አልትራ ሶፍትዌር የተዘጋጀው ለስናፕድራጎኑ ቺፕ ስለሆነ በሚዲያቴክ ቺፕ ላይ አይጫንም፤ በግድ ከተሞከረም ስልኩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል፤ ያኔ ለሻጩ መልሶ ገንዘብ የመጠየቁ ዕድልም አብሮ ይጠባል።